ስም ያልተጻፈባቸው ጠርሙሶች

ሠላሳ አራት ዓመት በጨለማ ክፍል ሲሠሩ የኖሩ ሰው፣ ማታ መብራት ካልበራ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ለምን ነው? አቶ ወልደገብርኤልን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ጠይቋል። መልሱን ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ እንኳ ሳያገኙት ነው ያረፉት። ራሳቸው ሲጠየቁ፣ "ቀኑን ሙሉ ጨልሞብኝ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ምን በወጣኝ!" ብለው ይስቁ ነበር። ሳቃቸው ሳያልቅ እግራቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አልጋ ላይ ይገላበጣሉ፣ ይነሣሉ፣ በሩን ይፈትሻሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ሲነጋጋ ሸለብ ቢያደርጋቸው ነው።

ፎቶ ቤታቸው ከምኒልክ አደባባይ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ፊት ለፊት ባንኮኒና የመስታወት ሣጥን፣ መሐል ላይ ሐይቅና የድንጋይ ደረጃ የተሳለበት መጋረጃ፣ ከጀርባ ደግሞ ጨለማው ክፍል። በጨለማው ክፍል መደርደሪያ ላይ አራት ቡናማ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። አንዱም ላይ ጽሑፍ የለም።

ለዚህም ምክንያት ነበራቸው። በጃንሆይ ጊዜ አንድ ያሠለጠኑት ሠራተኛ ቅመማውን ከጠርሙሶቹ ላይ ገልብጦ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ወልደገብርኤል ወረቀቱን ሁሉ ላጡት፣ መጠኑንም በጭንቅላታቸው ያዙት። ፊልሙ ላይ ምስሉን የሚያወጣውን ዲቬሎፐር በጣታቸው ነው የሚያውቁት፤ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ምስሉን የሚያጸናውን ፊክሰር በጠረኑ ይለዩታል፤ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ይህን የሚያውቁ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸውና ልጃቸው የሺዓለም።

የሺዓለም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣላት ሲቀር "እስከዚያው" ተብላ ነበር የገባችው። እስከዚያው አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ። ፊልም ታጥባለች፣ ታትማለች፣ በተቀረጸ እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ የፊት ጠባሳ ታጠፋለች። ደመወዝ የላትም፤ ስትፈልግ ትጠይቃለች፣ ይሰጣታል። ታናሽ ወንድሟ እምሩ ከገባ አምስት ዓመቱ ነው። እሱ ካሜራ ይዞ ሠርግና ምርቃት ይዞራል፤ የሚያለቅስ ሕፃን ያስቃል፣ የሚኮሳተር ሻለቃ ፈገግ ያሰኛል። ጨለማው ክፍል ግን ጭንቅ ይለዋል። "እዚያ ውስጥ ሰው ሳይሆን ሽንኩርት ነው የሚቀመጠው" ይል ነበር።

በመጋቢት ሰማንያ ሁለት መንግሥት "ቅይጥ ኢኮኖሚ" ማለቱ በሬዲዮ ተሰማ። እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው አንድ ፈቃድ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚኖረው፤ የንግድ ማኅበር ስለ ማቋቋም የሚያነሣም አልነበረ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው አብዱልሃሚድ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለጠለ ሮጦ መጣ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ሰሙ? መንግሥት ነጋዴን ዘመዴ ነው አለ!"

"በማን በኩል ነው ዘመድነቱ?"

"በግብር በኩል ነዋ!"

ሳቁ። ያን ሌሊት ግን አቶ ወልደገብርኤል ጭራሽ አልተኙም። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ በቀዩ መብራት ሥር ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ፊት የማን እንደሆነ መለየት አቅቷቸዋል። ፈቃዱም የሱቁም ኪራይ ውል በሳቸው ስም ነው። ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ቤቱ የማን ነው? ይህ ጥያቄ እንደ ቁንጫ አልጋቸው ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። እምሩንም ቀበሌው ለውትድርና እንዳይጠራው ይፈራሉ። የራሱ ንግድ ያለው ሰው ቢሆን ይተዉት ይሆናል፤ ማን ያውቃል?

እሑድ ምሳ ላይ ተናገሩ። "ፈቃዱን ወደ እምሩ ስም አዞራለሁ።"

የሺዓለም የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች። "እኔስ አባባ?"

"አንቺማ ቤትሽ አይደል? እንደ ድሮሽ ትሠሪያለሽ።"

"እንደ ድሮዬ ማለት እንደ ምን ነው?"

እምሩ ለማቃለል ብሎ፣ "እትዬ፣ ጨለማው ክፍል የአንቺ ነው፤ እኔ በጉልበትም አልገባበትም!" አለ።

"ልክ ብለሃል" አለች ተነሥታ። "ጨለማው የእኔ፣ ስሙ የአንተ።"

በማግሥቱ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን ድልድዩ አጠገብ ባለ ሌላ ፎቶ ቤት ተቀጠረች ተባለ። የአብዱልሃሚድ ሚስት በዚያ ስታልፍ አይታት ነበር። "ደመወዝ ቆርጠውልኛል፤ በመጀመሪያው ቀን የበሩን ቁልፍ ሰጡኝ" ብላታለች አሉ። አቶ ወልደገብርኤልን የከነከናቸው ደመወዙ አልነበረም። ቁልፉ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለልጃቸው ቁልፍ መስጠት አንድም ቀን ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

ሆኖም የጀመሩትን ለመጨረስ ወደ አቶ ተክላይ ሄዱ። አቶ ተክላይ በፊት የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ አሁን በማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውልና ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሰሙ፣ ሰሙና አንድ ነገር ጠየቁ።

"ካሜራውን፣ ማተሚያ መሣሪያውን፣ ዕቃውን ሁሉ መቼ ገዙት?"

"ቀስ በቀስ ነዋ። ከተጋባን በኋላ።"

"ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ጥሩነሽ ኑዛዜ ትተዋል?"

"የለም።"

"እንግዲያው ምን ሊሰጡት ነው የመጡት?" አቶ ተክላይ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። "በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ ነው። ግማሹ የባለቤትዎ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ያ ግማሽ ለልጆቻቸው እኩል ተላልፏል፤ ሴት ወንድ አይልም። እርስዎ ልስጥ ቢሉ የሚሰጡት የራስዎን ግማሽ ብቻ ነው። ልጅቷ ሳታውቀው አራት ዓመት ሙሉ የሩቡ ባለቤት ሆና ኖራለች።"

አቶ ወልደገብርኤል ቁልቁል ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚወርደውን መንገድ ይዘው ያለ ምክንያት ሄዱ፤ ደግሞ ያለ ምክንያት ወጡት። ለማንም አልተናገሩም። ዝም ማለት ከባድ ሥራ ነው፤ ቁጭ ብለው ሊሠሩት ስላልቻሉ በእግራቸው ሠሩት።

ከፋሲካ በኋላ ሐኪም የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ገፈፈ። "አሥር ቀን ሥራ ቦታ እንዳይደርሱ፤ የፎቶ መድኃኒት እንዳይነኩ" ተባሉ። ዓይናቸው ታሽጎ አልጋ ላይ ዋሉ። የሠርግ ወቅት ነው። እምሩ ብቻውን ቀረ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሃምሳ አለቃ ገብረአብና ዓለምጸሃይ ተጋቡ። ሙሽራው አርብ ወደ ጦር ግንባር የሚመለስ ሰው ነበር። እምሩ ሦስት ጥቅል ፊልም አነሣ። ሰኞ ጠዋት ከማጠቡ በፊት ወደ አባቱ አልጋ መጣ።

"አባባ፣ የትኛው ነው መጀመሪያ የሚገባው?"

"ከግራ ሁለተኛው ጠርሙስ። እሱን ዘጠኝ ደቂቃ፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ አራተኛውን።"

እምሩ ግን ቅዳሜ ዕለት ለሠርጉ ሥራ ብሎ መደርደሪያውን ወልውሎ ነበር። ጠርሙሶቹን አውርዶ ሲመልሳቸው በመጠናቸው ደረደራቸው። ያማረ ድርድር ነበር። በጨለማ ሦስቱንም ፊልም ጠቅልሎ ብርሃን በማያስገባው ማጠቢያ ታንከር ውስጥ ከተተ፣ ከግራ ሁለተኛውን ጨመረ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ቆጠረ። ሲያወጣው ሦስቱም ፊልም እንደ መስኮት መስታወት ንጹሕ ነበር። ሙሽራ የለ፣ ሚዜ የለ፣ ካህን የለ።

ፊልሙን ይዞ ቤት ሲደርስ ላብ አጥምቆታል። "ካሜራው ነው አባባ። የሌንሱ በር አልተከፈተም መሰለኝ፤ ብርሃን አልገባም።"

አቶ ወልደገብርኤል ፊልሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ጣት ግን ይህን አያነብም። በአንድ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ሊያዩት ሞከሩ፤ እንባ ብቻ። ከአልጋቸው ተነሡ።

"ወዴት ነው? ሐኪሙ..."

"ክንድህን ስጠኝ። ወደ እህትህ ውሰደኝ።"

በድልድዩ አጠገብ ሰው እንደ ጎርፍ ነበር። የሺዓለም ከዚያኛው ፎቶ ቤት ጀርባ ወጥታ አባቷን ዓይናቸው ታስሮ ስታይ ደነገጠች፤ ግን ቶሎ ፊቷን ሰበሰበች። ፊልሙን ተቀብላ ወደ ሰማይ አነሣችው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው።

"ካሜራው ምንም አልሆነም" አለች።

"እንዴት ታውቂያለሽ?" አለ እምሩ።

"ጠርዙን እየው። ካሜራው ባይከፈት እንኳ ፋብሪካው ጠርዙ ላይ ያተመው ቁጥር ይወጣል። እዚህ ቁጥሩም የለም። ፊክሰሩን ነው አስቀድመህ የጨመርከው፤ ሁሉንም በልቶታል።" ፊልሙን መለሰችለት። "ጣትህን ነክረህ አላየህም?"

"ማን ነግሮኝ?"

ሁለቱም ወደ አባታቸው ዞሩ። አቶ ወልደገብርኤል ሠላሳ ዓመት ከሌባ ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ከገዛ ልጃቸው ተጠብቆ መቅረቱን ያን ጊዜ አዩ።

"ተመለሽ የሺ" አሉ።

"ተመልሼ ብሠራ የምሠራው የማንን ሥራ ነው አባባ?"

"የ..." ብለው አቋረጡ። የእኔን ቢሉ ውሸት ነው፤ የእምሩን ቢሉ ትሄዳለች። "አቶ ተክላይ ዘንድ እንሂድ" አሉ በመጨረሻ። "እናታችሁ የተወችላችሁ ነገር አለ። ሳልነግራችሁ ቆየሁ።"

በማግሥቱ ማክሰኞ ሦስቱም በአቶ ተክላይ ጠባብ ክፍል ተፋፍገው ተቀመጡ፤ አብዱልሃሚድም በሽማግሌነት በር ላይ ቆመ። አቶ ተክላይ ስለ እናትየው ግማሽ እንደገና አስረዱ። የሺዓለም ሰምታ ስትጨርስ፣

"እሺ፣ ሩቡ የእናቴ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴስ?" አለች።

"እኔም እኮ አምስት ዓመት ካሜራ ተሸክሜያለሁ" አለ እምሩ። "ትከሻዬን ልግለጥ?"

"አንተ ከየሠርጉ ድርሻህን ትወስድ ነበር። እኔ ለጫማ ስጠይቅ ‘ያኛው አለቀ?’ እባል ነበር።"

አብዱልሃሚድ ሳቀ፤ ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

አቶ ተክላይ እጃቸውን አነሡ። "ሁለት ነገር አታደባልቁ። የሠራ ሰው ለሥራው ደመወዝ ያገኛል። ባለቤት የሆነ ደግሞ ከትርፉ በድርሻው ያገኛል። እናንተ ቤት ሁለቱ በአንድ ኪስ ሲገቡ ኖረው ነው የምትጣሉት። ከዛሬ ጀምሮ ሁለታችሁም ደመወዝ ይኑራችሁ። ያለፈውን ግን በድርሻ እንጂ በሌላ አታካክሱትም። ማኅበር ካቋቋማችሁ በሕጉ ሙያም መዋጮ ነው።"

አቶ ወልደገብርኤል ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡና፣ "ከእኔ ሃምሳ በመቶ ላይ አሥሩን ለየሺ ይጻፉ" አሉ። "እኔ አርባ፣ እሷ ሠላሳ አምስት፣ እምሩ ሃያ አምስት።"

እምሩ ብድግ አለ። "እስከ ባለፈው እሑድ ሁሉም የእኔ ነበር! ዛሬ ሃያ አምስት? በሁለት ቀን ምን ሠራሁ?"

"ሦስት ፊልም" አለች የሺዓለም።

እምሩ ፊቱ ቀላ፤ በሩን ቢፈልግ አብዱልሃሚድ ሞልቶታል። ተመልሶ ተቀመጠ። የሺዓለምም ቃሏ እንደከበደ ገባት መሰል፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ለዘላለም ከአንተ በላይ ልሁን አላልኩም። የሠራሁት ይቆጠርልኝ ነው ያልኩት።"

"እንግዲያው" አሉ አቶ ወልደገብርኤል፣ "ሁለት ዓመት እኖርበታለሁ። ሁለት ዓመት ሲሞላ እወጣለሁ። ከአርባዬ ሃያ አምስቱ ለእምሩ፣ አሥራ አምስቱ ለየሺ። ያኔ እኩል ትሆናላችሁ፤ ሃምሳ ሃምሳ። እኔን በየወሩ ትጦሩኛላችሁ፤ ይህም ይጻፍ።"

"እስከዚያ አለቃዬ እትዬ ናት ማለት ነው?"

"ሥራ አስኪያጇ እሷ ናት" አሉ አባትየው። "ጨለማው ክፍልና ዕቃው በእሷ እጅ ነው። ካሜራው፣ ደንበኛውና የውጭው ሥራ በአንተ። ሠርግ መቼ እንደምትቀበል እሷ አታዝህም፤ ፊልም እንዴት እንደሚታጠብ አንተ አታዛትም። ወረቀትና መድኃኒት ሲገዛ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ።"

"እኔ ታምሜ ብቀርስ?" አለች የሺዓለም። "ወይ እሱን ቢወስዱትስ?" ማን እንደሚወስደው አልተናገረችም፤ ያን ዓመት መናገር አያስፈልግም ነበር።

ይህ ነው ውሉን ያስረዘመው። እምሩ ስድስት ወር በየሳምንቱ ሦስት ቀን ጨለማው ክፍል እንዲገባ፣ የሺዓለም ደግሞ ካሜራ ይዛ ከሱ ጋር ሠርግ እንድትወጣ ተጻፈ። አንዳቸው ድርሻውን ልሽጥ ቢል መጀመሪያ ለሌላው እንዲያቀርብ ተጻፈ። እኩል በሆኑ ጊዜ ቢጣሉ አብዱልሃሚድ ይዳኛቸዋል ተባለ፤ እሱም፣ "እኔ በመቀስ ነው የምዳኘው፤ መሐል ለመሐል!" አለ። አቶ ተክላይ ብዕራቸውን ነክረው ቀና አሉ።

"የእርስዎስ ግዴታ አቶ ወልደገብርኤል?"

"እኔ ምን ግዴታ አለብኝ?"

"የሚያውቁትን በጽሑፍ ሊሰጡ" አለች የሺዓለም ቀድማ። "መጠኑን ሁሉ። ጠርሙሶቹ ላይም ስም ሊጻፍ። ደግሞ አባባ፣ ጨለማው ክፍል ሲጠሩ ብቻ ሊገቡ።"

ይህኛው ድርሻቸውን ከማካፈል ይልቅ አመማቸው። ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ሁለት እርምጃ ተራመዱ፣ ግድግዳው ጋ ደረሱ፣ ተመለሱ። "ይጻፉት" አሏቸው አቶ ተክላይን።

ውሉ በውል ክፍል እስኪጸድቅ፣ ፈቃዱና የኪራይ ውሉ ወደ ማኅበሩ ስም እስኪዞር ሳምንታት ይፈጃል። ሙሽራው ግን አርብ ይሄዳል። የሺዓለም ከድልድዩ ፎቶ ቤት ተሰናብታ መጣች። ማክሰኞ ከሰዓት አባትየው ወንበር ላይ ሆነው መጠኑን ተናገሩ፤ ግራሙን፣ ሊትሩን፣ የውኃውን ሙቀት። እምሩ ጻፈ። የሺዓለም ጣቷን ጠርሙስ ውስጥ እየነከረች የእምሩንም ጣት ስባ አስነከረችው።

"ምን ይላል?"

"ያሟልጫል።"

"ይኼኛውስ?"

"እፍ! ይኼ ሽንኩርት ነው።"

በነጭ ፕላስተር ላይ በትልልቁ ጽፈው ለጠፉ።

ረቡዕ ሙሽሮቹ ተጠርተው መጡ። እምሩ በራሱ አፍ ጥፋቱን ነገራቸው። ሃምሳ አለቃው ተቆጣ፤ ዓለምጸሃይ አለቀሰች፤ ቬሎው የኪራይ ስለነበር ተመልሷል። አብዱልሃሚድ ሮጦ ሄዶ ለሌላ ሙሽራ የሰፋውን ነጭ ቀሚስ ይዞ መጣ። ሰፊ ሆነባት፤ ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ሰበሰበው።

"እንዳትተነፍሺ፣ ባለቀሚሷ ቅዳሜ ትወስደዋለች!"

"እኔ እንግዲህ አንድ ባል ሁለቴ ያገባሁ ሆንኩ" አለች ዓለምጸሃይ፣ ሳቅም እንባም ሆና። ባሏም ሳይወድ ፈገግ አለ። እምሩ ያቺን ፈገግታ አልለቀቃትም። ከተሳለው ሐይቅ ፊት አሥራ ሁለት ጊዜ አነሣ።

ሙሽሮቹ ሲወጡ እምሩ የመብራቶቹን ማብሪያ አጠፋ፣ አቧራ እንዳይገባ የበሩንና የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋና ከእህቱ ጋር ጨለማው ክፍል ገባ። አቶ ወልደገብርኤል በደንበኛ ወንበር ላይ፣ በሐይቁ ፊት ቀሩ። ከበሩ ማዶ የታንከሩ ክዳን ሲገጥም ሰሙ። ፈሳሽ ሲቀዳ ሰሙ። የትኛው ነው? ተነሡ።

"ውሉን ፈርመዋል ጋሽ ወልዴ" አለ አብዱልሃሚድ ከባንኮኒው ጀርባ።

ተቀመጡ። ከውስጥ የሺዓለም ደቂቃ ትቆጥራለች፤ "አራት... አሁን ገልብጠው... ቀስ በል፣ ሊጥ አይደለም።" አባትየው በጉልበታቸው ላይ በጣታቸው አብረው ይቆጥሩ ነበር። ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ። ውኃ ፈሰሰ። እግራቸው መንቀጥቀጡን አብዱልሃሚድ ያይ ነበር፤ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ሲተው አየ።

"ቁጥሩ ወጥቷል!" እምሩ ጮኸ። "የጠርዙ ቁጥር! አባባ፣ ዓለምጸሃይ እየሳቀች ነው! ይምጡ፣ ጠርተንዎታል!"

አብዱልሃሚድ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በበሩ ብቅ ያለውን እምሩን ዝም አሰኘው። አቶ ወልደገብርኤል አንገታቸው ትከሻቸው ላይ ወድቆ፣ በጨለመው የፎቶ ማንሻ ክፍል፣ አንድ አምፖል እንኳ ሳይበራላቸው ተኝተዋል። ውጭ ሰው በመንገዱ ያልፋል፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር።